«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»

ሰኞ ጠዋት ቴፒ ገበያ አጠገብ ላለ አንድ ሱቅ የአቤቱታ ደብዳቤ በእጄ አደረስኩ። የዚህ ዓምድ አንባቢዎች ስለ ደረሰኝ ስንቴ እንደጮህኩ ታውቃላችሁ፤ ዛሬም እዚያው ነኝ።

ከዘጠኝ ቀን በፊት «ኦሪጅናል ነው» ተብዬ በ450 ብር ቻርጀር ገዛሁ። ስልኬ እየሞላ ስነካው ስክሪኑ ያልነካሁትን ይከፍት ነበር፤ ስነቅለው ይተዋል። ያኔ ነበር መጣል የነበረብኝ። በሦስተኛው ሌሊት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቀሰቀሰኝ። ቻርጀሩ በእጅ አይያዝም፤ የስልኩ ቻርጅ ማድረጊያ ቀዳዳ ጠቁሯል፤ ከዚያ ወዲያ ስልኩ መሙላት አቆመ።

ሞባይል የሚጠግነው ልጅ ቻርጀሩን ከፍቶ አሳየኝ። 220 ቮልት የሚገባበትን ወገን 5 ቮልት ከሚወጣበት የሚለየው ክፍተት ለዓይን እንኳ አይሞላም። ፊውዝ የለውም። የሚወጣውን ቮልት እየተከታተለ ልኩን የሚጠብቀው ክፍልም ጎድሏል፤ ስለዚህ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚያሻቅበው ሁሉ ወደ ስልኩ ያልፋል። 5 ቮልት ብቻ የተጻፈበትን ዕቃ በቴስተር ሲለካው 8 አለፈ።

ደብዳቤው ላይ የተገዛበትን ቀን፣ የደረሰኙን ቁጥር፣ ዋጋውን፣ የሆነውንና ጠጋኙ ያየውን ጻፍኩ። የጠየቅሁት ሁለት ነገር ነው፦ 450 ብሬ እንዲመለስና የጥገናው 1,800 ብር እንዲከፈለኝ። የደረሰኙን ኮፒና የተከፈተውን ቻርጀር ፎቶ አያያዝኩ፤ ቻርጀሩ ራሱ ግን ቤቴ ነው። ማስረጃን ለተከሳሽ አይሰጡም።

ባለሱቁ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳየኝ፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ከዚህ ወረቀት ጋር ዓመታት ተጣልቻለሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ለደረሰበት ጉዳትም ካሳ ይገባዋል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አዋጅ አይሽርም።

«ጋሼ፣ እኔም እንደታሸገ ነው ከአዲስ አበባ ያመጣሁት» አለኝ። አመንኩት። ካመጣህበት ደረሰኝ አለህ ወይ አልኩት፤ የለውም። ቁጣዬ መንገድ የቀየረው እዚህ ላይ ነው። እኔ የእሱን ደረሰኝ ይዤ እሱን እጠይቃለሁ፤ እሱ ግን ማንን ይጠይቃል? ጅምላ ሻጩ ያን ዕቃ ለሚዛንም ለቦንጋም እየሸጠ ነው። ቡና በሚሸጥበት ወራት ዋጋውን በስልክ የሚከታተል ገበሬ ያንኑ ቻርጀር ገዝቶ ስልኩ ቢቃጠልበት፣ የሚያጣው ጥገና ብቻ አይደለም፤ የዕለቱን ዋጋ ሳይሰማ ይሸጣል።

ባለሱቁ በቀሪው ቅጂ ላይ «ደርሶኛል» ብሎ ፈረመልኝ፤ ቀኑንም ጻፈ። እስከ አርብ ጠብቀኝ ብሎኛል። አርብ ከገዛሁ 13ኛ ቀኔ ነው፤ ካልተመለሰልኝ ቅጂውን ይዤ ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ።