«ውጤቱ ባይመጣስ?» የሚል አማካሪ ጠፋ

የፕሮፖዛል ወቅት በመጣ ቁጥር በግብርና ትምህርት ክፍሎቻችን አንድ ርዕስ ይደጋገማል፦ «በመስመር መዝራት በጤፍ ምርት ላይ ያለው ተጽዕኖ፣ በእንትን ወረዳ»። የወረዳው ስም ይቀየራል እንጂ ርዕሱ ያው ነው። ተማሪው ሦስት መደብ በመስመር፣ ሦስት መደብ በብተና ይዘራል። ክረምቱን ይደክማል፣ ያጭዳል፣ ይመዝናል። መስመሩ ከበለጠ ይመረቃል። ካልበለጠም «የዝናብ ስርጭቱ አመቺ አልነበረም» የምትል አንቀጽ ጨምሮ ይመረቃል። ከሁለቱም ገበሬው የሚያገኘው ነገር የለም። ጥፋቱን በተማሪው ላይ አላደርግም፤ ርዕሱን ፈርሞ ያሳለፈው አማካሪ ነው።

በ2005 ዓ.ም. ገደማ የመስመር ዘመቻው ሲጦፍ ለገበሬው የተነገረው ሁለት ነገር በአንድ ላይ ነበር፦ በመስመር ዝራ፣ ዘርም ቀንስ። በሄክታር ከ25 እስከ 50 ኪሎ ይበትን የነበረ ሰው ወደ 5 ኪሎ እንዲወርድ ተመከረ። እንግዲህ የተማሪያችን መስመር ቢበልጥ፣ የበለጠው መስመሩ ነው ወይስ የዘሩ መሳሳት? ጤፍ ሲሳሳ ከአንድ ሥር ብዙ አገዳ ያወጣል፣ አገዳውም ይጠነክራል። ይህ ያለ መስመርም ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ጥናቱ «ተሳካ» በተባለበት ቀን እንኳ መልስ የለውም።

ሳይሳካ ሲቀር ደግሞ የባሰ ነው። መደቦቹ በአፈር ልዩነት ብቻ ከአማካያቸው 2 ኩንታል ያህል በሄክታር ወዲያና ወዲህ ይላሉ እንበል። በሦስትና በሦስት መደብ የ3 ኩንታል ልዩነት እንኳ ከአጋጣሚ አይለይም። «ልዩነት አልተገኘም» ማለት እዚህ ላይ «ማየት አልቻልኩም» ማለት ብቻ ነው። ስንቱ መመረቂያ ጽሑፍ ሁለቱን አምታቷል!

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ገበሬው የሚጨነቅበትን ቁጥር ማግኘት ነው። መስመር ጉልበት ይበላል። ለሄክታር 20 ተጨማሪ የሰው ቀን ቢፈልግ፣ የቀን ሠራተኛ 500 ብር ቢሆን፣ ኩንታል ጤፍ ደግሞ 10,000 ብር ቢሸጥ፣ ተጨማሪው ጉልበት 1 ኩንታል ጤፍ ነው። (ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፤ ተማሪው የወረዳውን ያስገባ።) ጥናቱ 1 ኩንታልን ለይቶ ማየት ካልቻለ ባይጀመር ይሻላል።

ከዚያ ሁለቱን የተጣበቁ ነገሮች መነጣጠል ነው። በእያንዳንዱ ገበሬ ማሳ ላይ አራት መደብ፦ በመስመር 5 ኪሎ፣ በመስመር 25 ኪሎ፣ በብተና 5 ኪሎ (በአሸዋ ተደባልቆ)፣ በብተና 25 ኪሎ። በ24 ገበሬዎች ማሳ ቢደረግ 48 የመስመርና 48 የብተና መደብ ይኖረናል። በዚያው የአፈር ልዩነት የስህተቱ ወሰን ወደ 0.8 ኩንታል ይወርዳል።

አሁን ውጤቱ እንደፈለገ ይምጣ። መስመሩ ከ1 ኩንታል በደንብ ከበለጠ ጉልበቱን ይከፍላል። ትንሹ ዘር በብተናም እኩል ከሰጠ፣ ገበሬው ወገቡን ሳያጎብጥ 20 ኪሎ ዘር ያተርፋል። ምንም ልዩነት ካልታየ ደግሞ፣ ወሰኑ 1 ኩንታልን ስለማይጨምር፣ «መስመር በዚህ ወረዳ ወጪውን አይመልስም» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ይህ የመጨረሻው በተለምዶ «ከሸፈ» የሚባለው ነው፤ ለእኔ ግን ለልማት ሠራተኛው ከሁሉ የሚጠቅመው እሱ ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። የጤፍ ፍሬ ደቃቅ ነው፤ ጥቂት ጠልቆ ከተቀበረ አይበቅልም። መስመር ሲወጣ ይህ በቀላሉ ይደርሳል፤ ምርቱ ሲያንስም ዘዴው ይወቀሳል። ስለዚህ ከተዘራ ከሁለት ሳምንት በኋላ በየመደቡ ቡቃያ መቁጠር ግዴታ ነው። ቡቃያው ከሳሳ የተፈተነው የአዘራሩ ጥልቀት እንጂ መስመሩ አይደለም። ሳይቆጥር የቀረ ሰው ግን በመከር ጊዜ ምክንያቱን ከየት ያመጣዋል? በረዶ መትቶ ሁሉንም ካጠፋው እርግጥ ምርት የለም፤ ያኔም የቡቃያው ቆጠራና ለዘር የወጣው የሰዓት መዝገብ በእጅ ይቀራል።

«ተማሪ 24 ማሳ ከየት ያመጣል?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ብቻውን አይችልም። ግን አንድ ትምህርት ክፍል በየዓመቱ አራት ተማሪዎችን በአራት ወረዳ ለየብቻ ስድስት ስድስት መደብ ያዘራ የለ? አራቱ አንድ ንድፍ ይዘው ስድስት ስድስት ማሳ ቢካፈሉስ? አንዱ ስለ ጉልበቱ፣ አንዱ ስለ ቡቃያው፣ አንዱ ስለ መጋሸቡ፣ አንዱ ስለ ምርቱ ይጽፋል። እዚህ ላይ «የእያንዳንዱ ሥራ የራሱ መሆን አለበት» የሚል ደንብ ይጠቀሳል። ደንቡ ግን ጽሑፉ የራሱ ይሁን ይላል እንጂ ማሳው ለብቻው ይሁን አይልም።

እኔ በፕሮፖዛል ቅጹ ላይ አንድ ገጽ ብቻ እንዲጨመር እጠይቃለሁ። ተማሪው ዘር ከመግዛቱ በፊት፣ መስመሩ ቢበልጥ፣ ቢያንስ ወይም እኩል ቢሆን ለገበሬው የሚጽፈውን ሦስት መደምደሚያ እዚያ ላይ ያስፍር። አንዱ ቦታ ባዶ ከቀረ አማካሪው አይፈርም።