ለየልጁ አንድ ቦርሳ?

ሰሞኑን አንድ የልጅ አስተዳደግ አማካሪ በሬዲዮ ቀርበው፣ ያለ ስልክና ያለ ታብሌት ልጆቹን ይዞ ረጅም መንገድ በአውቶቡስ የሚሄድ ወላጅ «ለእያንዳንዱ ልጅ ለዕድሜው የሚመጥን ቦርሳ ያሰናዳ» ብለው መከሩ። ለአራት ዓመቱ ከለርና የሚቀባ ደብተር፣ ለስምንት ዓመቷ የተረት መጽሐፍ፣ ለአሥራ ሦስት ዓመቱ ሱዶኩ። አዘጋጁም ምስጋናውን አዥጎደጎደው። ስልኩ ይቅር ማለታቸውን እኔም እደግፋለሁ። ያናደደኝ ቦርሳው ነው።

እኚህ ሰው ልጅ ታቅፈው ጅማ ድረስ በአውቶቡስ ሄደው ያውቃሉ? ከሰበታ እስከ ወልቂጤ ያለው መንገድ ደህና ነው። ከወልቂጤ በኋላ ግን አውቶቡሱ ወደ ጊቤ ሸለቆ እየተጠማዘዘ ይወርድና እንደገና እየተጠማዘዘ ወደ ሰኮሩ ይወጣል። እዚያ ላይ ልጅን አንገቱን አስደፍቶ ደብተር ማስቀባት ራስን ለፌስታል ፍለጋ ማዘጋጀት ነው። ዓይኑ የሚያየው ፀጥ ያለ ወረቀት ነው፤ ሚዛን የሚጠብቀው የውስጥ ጆሮው ደግሞ ግራ ቀኝ መወዝወዙን ይናገራል። ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ያጥወለውለዋል። ይህ ደግሞ የሚብሰው ከሁለት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ባሉት ላይ ነው። ከአማካሪው ሦስት ደንበኞች ሁለቱ እነሱ ናቸው! ሲያወራ የነበረ ልጅ ድንገት ዝም ካለ፣ ደጋግሞ ካዛጋ፣ ፊቱ ከገረጣና ግንባሩ ካላበ ደብተሩን ንጠቁት፤ ቀና ብሎ ፊት ለፊት ሩቅ ይመልከት። ቀድሞውኑ ወደ ፊት ያለ ወንበር ብትይዙለት ደግሞ ይሻላል።

ሳያስመልሰው ቢቀር እንኳ ሦስት ቦርሳ ማለት ለሦስት የተከፈለች አንዲት እናት ማለት ነው። ትንሹ ከለሩ ወንበር ሥር ተንከባሎበት ያለቅሳል፣ ትልቁ ሱዶኩውን ጨርሶ የእህቱን መጽሐፍ ይጎትታል። አማካሪው በዕድሜ ለያይተው ያስቀመጧቸው ልጆች የሚገናኙት በጠብ ነው።

ልጆቹን አንድ ላይ የሚያጫውት ነገር በእጃችን እያለ ነው እንግዲህ ይህ ሁሉ። እንቆቅልሽ! ጠያቂው «እንቆቅልህ» ይላል፣ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል፣ መልሱ ከጠፋው «አገር ስጠኝ» ይባላል። ከዚህ የተሻለ የአውቶቡስ ጨዋታ ማን ሊፈጥር ነው? አንድ ሕግ ብቻ ጨምሩበት፤ የሚሰጠው አገር አውቶቡሱ ያለፈው ከተማ ብቻ ይሁን። ወሊሶ ሲደረስ የስምንት ዓመቷ እጅ ላይ ሰበታ፣ ቱሉ ቦሎና ወሊሶ አሉ። ሦስቱንም ከተሸነፈች ወልቂጤ እስኪደርሱ መጠበቅ ነው። አንገቷን አስግጋ «ደረስን ወይ?» ብትል እንኳ የምትጠይቀው ለጨዋታው ነው።

የአራት ዓመቱ ልጅ በመስኮት ያየውን ይጠይቅ። «ከእኛ ጋር ይሮጣል፣ ስንቆም ይቆማል፤ ምንድን ነው?» የአውቶቡሱ ጥላ ነው። መልሱን ራሱ ቀድሞ ቢያመልጠውም ግድ የለም፣ ትልልቆቹ እንዳልሰሙ ይሆናሉ። የአሥራ ሦስት ዓመቱ ከታናናሾቹ ጋር ልጫወት አይልም፤ ስለዚህ ዳኛ አድርጉት። ማን የትኛውን ከተማ እንደሰጠ በቃሉ ይያዝ፣ ቀጣዩን ከተማ እንደ ረዳት ጮክ ብሎ ይጥራ። ሥልጣን ያገኘ ታዳጊ እንደማያኮርፍ ለማወቅ አማካሪ መሆን አያስፈልግም።

ከተማ ሲገባ እንቆቅልሹ ይቁምና የሱቅ ማስታወቂያ ይታደን። የስምንት ዓመቷ «በ፣ ቡ፣ ቢ» እያለች እስከ «ቦ» ሰባቱን በቅደም ተከተል ትፈልግ፤ ትንሹ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ። የወሊሶ ማስታወቂያዎች በቁቤም ስለሚጻፉ ዳኛው ድርሻውን እዚያ ያገኛል። ይህን አደን ጊቤ ላይ አትሞክሩት፤ ፊደል የሚለቀምበት ማስታወቂያ የለም። እዚያ ሥራው ሩቅ ማየት ብቻ ነው።

ይህም ቢሆን ማለቂያ የለውም አልልም። የአራት ዓመት ልጅ አሥር፣ ቢበዛ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው የሚቆይላችሁ። ስለዚህ ሳይሰለቸው አቁሙ፣ ቆሎ ስጡ፣ ሌላ ከተማ ሲመጣ ቀጥሉ። «ሌላው ተሳፋሪ ይረበሻል» የሚለኝ ካለ ደግሞ፣ ሾፌሩ ከአዲስ አበባ ጀምሮ የሚያስጮኸውን ሙዚቃ አልሰማ ይሆናል።

ሰኮሩን አልፋችሁ ልጆቹ ከተኙ ተዉአቸው፤ ለእንቅልፍም እንደየዕድሜው ቦርሳ ያስፈልጋል የሚል ባለሙያ በሬዲዮ እስኪቀርብ ድረስ።