ደብዳቤው ሳይመጣ

ቤቱን ለባንክ ያስያዘ ሰው ክፍያ ሲጎድልበት ከባንኩ መሸሽ ልማድ ሆኗል። በእኔ አስተያየት ቤት የሚያስወስደው ይኼው መሸሽ ነው።

ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ጎረቤታችን አለ። ቀሪ ዕዳው 200 ሺህ ብር፣ ወለዱ በዓመት 18 በመቶ፣ የወር ክፍያው 6 ሺህ ነው። ገበያው ሲቀዘቅዝበት «ያለኝን ልክፈል» ብሎ በወር 2 ሺህ ያስገባ ጀመር። የወሩ ወለድ ብቻ እኮ 3 ሺህ ነው! ዋናው ዕዳ አንድ ሳንቲም አልቀነሰም፤ በጎደለው ላይ ደግሞ መቀጫ ወለድ መጣ። ክፍያው 90 ቀን ካለፈው፣ በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ብድሩ ከተበላሹት ይመደባል። በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 97 መሠረት ደግሞ ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል።

መሄድ የሚገባው እንግዲህ የመጀመሪያው ክፍያ ሊጎድል ሲል ነው። ማመልከቻ፣ የገቢና የወጪ ደብተር፣ መክፈል የሚቻለው መጠን ተጽፎ ይቅረብ። ጎረቤታችን ክፍያው 4 ሺህ እንዲሆንለት በጊዜው ጠይቆ ቢፈቀድለት ኖሮ፣ ከወለዱ ተርፎ 1 ሺህ ከዋናው ይነሳለት ነበር። ዋጋ ግን አለው፦ 4 ዓመት ገደማ የቀረው ብድር ወደ 8 ዓመት ይጠጋል፤ ጠቅላላ ወለዱም ከ90 ሺህ ብር በላይ ይጨምራል። ስለዚህ ገበያው ሲነሳ ቀድሞ መክፈል ቅጣት እንዳለው አስቀድማችሁ ጠይቁ። መቀጫው ይነሳልኝ ማለትም ነውር አይደለም። የተስማማችሁበት ግን ተፈርሞ እጃችሁ ይግባ፤ የሠራተኛው የቃል «እሺ» ሐራጅ አያስቆምም።