ለጎሮ ወላጆች፦ ልጆቻችን ስለያዙት ጣሳ

ወላጆች፣ በዕድሜም በልጅ ማሳደግም እኩዮቼ ናችሁና ይህን ደብዳቤ ከእኩያ እንደመጣ ቃል ተቀበሉኝ። ጠዋት ከታክሲ ወርደው ወደ ትምህርት ቤት የሚያዘግሙ ልጆች የኢነርጂ ጣሳ ይዘው ሲገቡ ማየት ከጀመርኩ ሰነባብቻለሁ። ባለፈው ሳምንት የአንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ እጅ እየተንቀጠቀጠ እስክሪብቶ አልጨብጥ ሲለው አይቼ፣ አንጓውን ይዤ የልብ ምቱን ብቆጥር፣ ተቀምጦ ሳለ በደቂቃ ከ120 በልጧል። ቁርስ አልቀመሰም፤ የግማሽ ሊትሩን ጣሳ ግን ጨርሶታል።

የጣሳውን ጽሑፍ ከልጁ ጋር አብረን አነበብነው። በ100 ሚሊ ሊትር 32 ሚሊ ግራም ካፌይን ይላል፤ በጠቅላላው 160 መሆኑ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2015 እ.ኤ.አ. ለልጆች አያሰጋም ያለው መጠን በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 3 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ 35 ኪሎ ለሚመዝነው ልጅ 105 ይደርሳል። ስኳሩ 55 ግራም ነው፤ በሻይ ማንኪያ ወደ 14 ይጠጋል። ለልጆች እንደማይመከርም ጣሳው ራሱ ከሥሩ በደቂቅ ፊደል ይናገራል።

እናቶቻችን ቡና ሲፈላ ከረከቦቱ አጠገብ ቆሎ ያዘግኑን ነበር እንጂ ሲኒውን አያስነኩንም ነበር። ያ የከለከሉን ነገር ዛሬ ጣፍጦና ቀዝቅዞ መጣ፤ ትኩስ ቡና ፉት እየተባለ ይጠጣል፣ ይህን ግን ልጅ በአንድ ትንፋሽ ይጨልጠዋል።

ካፌይን ጉልበት አይሰጥም፤ አንጎል የድካምን መልእክት እንዳይሰማ ይጋርዳል እንጂ፣ ድካሙ ከሥር ይጠራቀማል። ከቀኑ 10 ሰዓት ከተጠጣው ግማሹ ገደማ ማታ 3 ሰዓት ላይ ገና ከደም አልወጣም፤ ልጁ አምሽቶ ይተኛል፣ ፈዝዞ ይነሳል፣ ፍዘቱን ለመግፈፍም ሌላ ጣሳ ይገዛል፣ ሳይጠጣ በዋለ ቀን ደግሞ ራሱን ያመዋል።

ይህን መንገድ ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ። በተማሪነታችን ዘመን ጓደኞቻችን ጫት የያዙት ለፈተና ለማንበብ ብለው ነበር፤ እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው ለጨብሲ መጠጥ ፈለጉ፤ ትምህርቱን ሳይጨርስ የቀረ አንድ ሁለት ሰው ከመካከላቸው ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ጣሳው ጫት አይደለም፣ ሁለቱን አምታትቼ ላስፈራራችሁም አልሻም፤ ነገር ግን ድካምን በሚገዛ ነገር ማባረር የሚለመደው በዚህ ዕድሜ ነው።

ጊዜው ገና አልመሸም። የምትሰጡት የኪስ ገንዘብ ምን እንደሚገዛ ዛሬ ማታ ልጃችሁን ሳትቆጡ ጠይቁት። በየቀኑ ይጠጣ ከነበረ፣ ሲተው ራሱን ጥቂት ቀን ሊያመው ይችላልና አትደናገጡ፤ ደረቱን ከወጋው፣ ልቡ ያለ ሥርዓት ከመታ ወይም ራሱን ከሳተ ግን ጊዜ ሳትሰጡ ሐኪም ቤት አድርሱት። ነገ ጠዋት ከቤት ፍርፍሩን በልቶ፣ ውኃውን ይዞ ይምጣልኝ።