ምክንያቱን የማይናገር ይቅርታ

ኢትዮ ቴሌኮም ከማክሰኞ ሰኔ 4 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሲጠፋ ሲመለስ ስለሰነበተው ኢንተርኔት ደንበኞቹን ይቅርታ ጠይቋል። መጠየቁ ደግ ነው። ድሮ እንዲህ ሲሆን ይቅርታ መጠየቅ የተለመደ አልነበረም። ይህ ጋዜጣ ግን መልእክቱን ደጋግሞ ቢያነበውም አገልግሎቱ ለምን እንደተቋረጠ የሚናገር ቃል አላገኘበትም። ጥፋቱ ምን እንደሆነ ያልተነገረው ሰው ይቅር የሚለው ምኑን ነው?

ይህን የምንጠይቀው ነገር ለማክረር አይደለም። ከቀበና ድልድይ አንስቶ እስከ እንጦጦ ግርጌ ያለው ነዋሪ በዚያ ሳምንት የገጠመውን ያውቀዋል። ኢንተርኔት ቤቱ ወንበሩን ደርድሮ ያለ ደንበኛ ዋለ፤ በስልክ መተግበሪያ ተሳፋሪ የሚጠራው ባለ ታክሲ ሥራ ፈታ፤ ውጭ አገር ካለ ልጁ ጋር በኢንተርኔት የሚነጋገር ወላጅ ድምፁ ጠፋበት። እነዚህ ሰዎች ሁሉ የጠየቁት አንድ ነገር ነበር፤ መቼ ይመለሳል? «በቅርቡ» የሚል መልስ እንኳ በወጉ አላገኙም።

ሰሞኑ የብሔራዊ ፈተና ሰሞን ነበር። በግንቦት 2008 ዓ.ም. ፈተናው ሾልኮ በማኅበራዊ ሚዲያ ከተሰራጨና ከተሰረዘ ወዲህ የፈተና ወቅትና የኢንተርኔት መጥፋት ተያይዘው ሲመጡ ሕዝቡ አይቷል። ስለዚህ ማንም ሳይነግረው የየራሱን ምክንያት ገምቷል። ግምቱ ትክክል ይሁን አይሁን ለመፍረድ እዚህ አልተቀመጥንም። ኩባንያው ዝም ባለ ቁጥር ግን ግምቱ እውነት እየመሰለ መሄዱን የሚመለከተው አካል ሁሉ ልብ ሊለው ይገባል።

ቴክኒካዊ ብልሽት የራሱ ጠባይ አለው፤ ሙያውን በጥቂቱም ቢሆን የሚያውቅ ሰው ከሩቅ ይለየዋል። የፋይበር ገመድ ሲቆረጥ የሚጨልመው በዚያ ገመድ ላይ የተንጠለጠለው አካባቢ ነው። ቀበና ሲጠፋ ሾላ ይሠራል። ግንፍሌ ላይ ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል እንጂ አይሞትም፤ ምክንያቱም ዋና ዋና መስመሮች ቀለበት ሠርተው ስለሚዘረጉ አንዱ ጎን ሲቆረጥ ጭነቱ በሌላው ጎን ይዞራል። የመብራት መጥፋት ከሆነ ደግሞ የማሠራጫ ማማዎቹ በባትሪ ጥቂት ሰዓት ይቆዩና አንዱ አሁን ሌላው ቆይቶ፣ በየተራ ይወድቃሉ። ከውጭ የሚያገናኘው መስመር ነው እንዳይባል አገሪቱ በጅቡቲ፣ በሱዳንና በኬንያ በኩል መውጫ አላት፤ አንዱ ቢቆረጥ የሚመጣው መጨናነቅ ነው። የስልክ ጥሪው እየሠራ ኢንተርኔቱ ብቻ ከአንዱ የአገሪቱ ጫፍ እስከ ሌላው ባንድ ጊዜ ከጠፋ፣ ሲመለስም ባንድ ጊዜ ከተመለሰ፣ ይህን የትኛው ዶማ እንደሠራው ኩባንያው ለባለሙያዎች ማስረዳት ይኖርበታል። ማስረዳት የማይችልበት ምክንያት ካለም፣ ቢያንስ «ውሳኔው የቴክኒክ አይደለም» ማለት ይቻለዋል። ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ማንንም አይከስም።

እውነተኛ የይቅርታ መልእክት ምን እንደሚመስል ለማሳየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እንበልና ነገ ጠዋት አንድ የመንገድ ሥራ ቁፋሮ ማሽን ቀበና ድልድይ አጠገብ ገመድ በጠሰ። እንዲህ ያለው አደጋ በዚህች ከተማ ብርቅ አይደለም። የኩባንያው የኔትወርክ መቆጣጠሪያ ክፍል መስመሩ መሞቱን የሚያውቀው ወዲያውኑ ነው፤ ማስጠንቀቂያው ስክሪኑ ላይ ይቀላል። ቦታውን ለማወቅ ደግሞ በገመዱ አንድ ጫፍ ብርሃን ልኮ ነጸብራቁ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ የሚለካ መሣሪያ አለ። ብርሃን በመስታወት ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ የተበጠሰው ስንት ሜትር ርቀት ላይ እንደሆነ መሣሪያው በጥቂት ደቂቃ ይናገራል። ከመሬት በታች የተጠቀለለ ትርፍ ገመድ ስለሚኖር ርቀቱ ጥቂት ሊያሳስት ይችላል፤ ሠራተኞቹ ወርደው በዓይናቸው እስኪያዩት ያለው ጊዜ ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የእጅ ሥራ ነው። ጉድጓዱ ይጸዳል፣ የተጎዳው ቁራጭ ወጥቶ አዲስ ገመድ ይገባል፣ ከዚያም እያንዳንዱ የፀጉር ያህል የቀጠነ የመስታወት ክር ተልጦ፣ ተጠርጎ፣ ጫፉ ተስተካክሎ ከአቻው ጋር በኤሌክትሪክ ብልጭታ ይበየዳል። ገመዱ 96 ክር ካለው፣ አዲሱ ቁራጭ በሁለቱም ጫፍ ስለሚቀጠል ብየዳው 192 ነው። ለአንዱ ጥቂት ደቂቃ ቢታሰብ፣ ሁለት ቡድን በሁለቱ ጫፍ ቢሠራ እንኳ ብዙ ሰዓት ይወስዳል። ደግነቱ ሁሉም እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ብዙ ደንበኛ የሚሸከሙት ክሮች ቀድመው ይበየዳሉ። በዚህም ምክንያት ኩባንያው በየሰዓቱ የሚናገረው አዲስ ነገር አያጣም።

እንግዲህ መልእክቱ እንዲህ ቢሆን ምን ነበረበት? «ጠዋት 2 ሰዓት ከ20 ላይ ቀበና ድልድይ አጠገብ ዋና ገመዳችን ተቆርጧል። ከቀበና እስከ እንግሊዝ ኤምባሲ ባለው አካባቢ ኢንተርኔት የለም፤ ጥሪ ይሠራል። ይቅርታ እንጠይቃለን። ቀጣዩን መረጃ 3 ሰዓት ተኩል ላይ እንነግራችኋለን።» ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ «ቦታው ተገኝቷል፣ ቁፋሮው ተጀምሯል፤ መጠገኑ እስከ ቀትር ይቀጥላል ብለን እንገምታለን።» ቀትር ላይ ግምቱ ካልያዘም ለመናገር ማፈር አያስፈልግም፤ «ጉዳቱ ከገመትነው ሰፊ ሆኖ ስላገኘነው እስከ 9 ሰዓት ይቆያል። ግማሹ አካባቢ ግን አሁን ተመልሷል፤ ስልክዎን አጥፍተው ያብሩ።» በመጨረሻም፣ «10 ሰዓት ላይ ሙሉ በሙሉ ተመልሷል። በዚህ ጊዜ ያለፈባችሁን ጥቅል እናራዝማለን።» በዚህ ውስጥ ቆፋሪው ላይ ጣት መቀሰር የለም፤ «ከአቅማችን በላይ በሆነ ምክንያት» የለም፤ «አንዳንድ ደንበኞች» የሚል ማሳነሻም የለም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቀጣዩ ቃል መቼ እንደሚሰማ መነገሩ ነው። ሰው ሰዓቱን ካወቀ ሥራውን ያስተካክላል፤ ካላወቀ ቀኑን ሙሉ ስልኩን እያየ ይውላል።

ሌላ አገር ሲደረግም አይተናል። ኅዳር 27 ቀን 2011 ዓ.ም. የብሪታንያው ኦቱ ኩባንያ የ32 ሚሊዮን ያህል ተጠቃሚዎች የሞባይል ዳታ ከንጋት ጀምሮ ጠፋ፤ የለንደን አውቶቡሶችን መድረሻ ሰዓት የሚያሳዩት ሰሌዳዎች ሳይቀሩ ደነዘዙ። ምክንያቱ በዚያው ዕለት ተነገረ፤ ኤሪክሰን ባቀረበው ሶፍትዌር ውስጥ ያለ የማረጋገጫ ሰርተፊኬት ጊዜው አልፎበት ነበር። በትልቅ ኩባንያ ላይ ሲደርስ የሚያሳፍር ትንሽ ስንፍና ነው፤ የሁለቱም ኩባንያ ኃላፊዎች ግን አብረው ይቅርታ ጠየቁ። ማታ 3ጂ፣ በማግስቱ ጠዋት 4ጂ መመለሱ እየተነገረ ሄደ፤ ወርኃዊ ከፋዮች የሁለት ቀን ሒሳብ ተመለሰላቸው። ኦቱ በዚህ ምክንያት አልፈረሰም።

ኢትዮ ቴሌኮም ይህን ማድረግ አይችልም የሚል ካለ እኛ አንስማማም። ወይዘሮ ፍሬሕይወት ታምሩ የዋና ሥራ አስፈጻሚነቱን ኃላፊነት ከያዙ ወዲህ ኩባንያው የጥሪ ዋጋን 40 በመቶ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን 43 በመቶ ቀንሷል፤ ደንበኛን እንደ ደንበኛ የማየት ፍላጎት እንዳለ ይህ ምስክር ነው። በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ስልኮች ላይ በአንድ ጊዜ አጭር መልእክት የመላክ አቅምም ከእርሱ በላይ ያለው የለም። የማስታወቂያ መልእክቱማ በየዕለቱ ይደርሰናል፤ በእንቅልፍ ሰዓት ሳይቀር።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስተዛዝበው የዚያ ሳምንት ሌላው ዜና ነው። ኢንተርኔቱ ሲቆራረጥ በሰነበተበት በዚያው ሳምንት ሐሙስ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጁን አጽድቋል። አዋጁ ገበያውን ለውድድር ይከፍታል፤ ዘርፉን የሚቆጣጠር የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም ያቋቁማል። ያኔ ወደዚህ አገር ሊገቡ ያስቡ የነበሩ የውጭ ኩባንያዎች አዋጁን ሲያነቡ ሳምንቱንም ማንበባቸው አይቀርም ነበር። ፈቃድ ለማግኘት ብዙ ገንዘብ ከፍለው የገነቡት ኔትወርክ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቢጠፋና ለደንበኞቻቸው ምክንያቱን መናገር ባይችሉ፣ ይቅርታ የሚጠይቁት በማን ስም ነው?

ስለዚህ ባለሥልጣኑ ከሚያወጣቸው መመሪያዎች አንዱ ስለ አገልግሎት መቋረጥ መሆን አለበት እንላለን። አገልግሎት ሰጪ ሁሉ መቋረጥ በደረሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ ምክንያቱን፣ የተጎዳውን አካባቢና ቀጣይ መረጃ የሚሰጥበትን ሰዓት እንዲያስታውቅ ይገደድ። ምክንያቱ ከኩባንያው ውጭ የመጣ ትእዛዝ ከሆነም፣ ትእዛዙን የሰጠው አካልና የሕግ መሠረቱ ይገለጽ፤ የአገር ደኅንነት ጉዳይ ነው ከተባለም ይህንኑ በፊርማው የሚናገር ባለሥልጣን ይኑር።

ያ እስኪሆን ኢትዮ ቴሌኮም አሁኑኑ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። ኢንተርኔቱ በየትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ በየትኞቹ አካባቢዎች እንደጠፋ የሚያሳየው መዝገብ በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጧል። እሱን ያውጣ። ሰኞ ሳምንታዊ ጥቅል ገዝቶ ማክሰኞ ኢንተርኔት ያጣ ደንበኛ የከፈለው ላልደረሰው አገልግሎት ነውና፣ የጠፋው ሰዓት ተቆጥሮ ወደ ጥቅሉ ይመለስለት፤ ይህንንም ደንበኛው ቢሮ ድረስ መጥቶ ወረፋ ሳይዝ፣ ሲስተሙ በራሱ ያድርገው።