ቁስል የሌለው መድማት

በስምንተኛው ቀን የተገረዘ ሕፃን ደሙ አልቆም ካለ፣ መጀመሪያ ስለ እናቱ ወንድሞች መጠየቅ ይገባል። እነሱም እንዲሁ ደምተው ነበር? ከሆነ ሄሞፊሊያ ይጠረጠራል።

የሄሞፊሊያ ጉድለት ያለው በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ ስላላት ጤነኛው አብዛኛውን ጊዜ ይሸፍንላታል፤ ወንድ ያለው ግን ከእናቱ የወረሰው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ተሸካሚ እናት የምትወልደው እያንዳንዱ ወንድ ልጅ የመታመም ዕድሉ ግማሽ ነው።

ፋክተር 8 ወይም 9 ሲጎድል ደም በወጉ አይረጋም። መራመድ የጀመረ ልጅ ጉልበቱ ውስጥ ይደማል፤ ከላይ ቁስል የለም፣ መገጣጠሚያው ግን ይሞቃል፣ ያብጣል፣ አልታጠፍ ይላል። በደሙ ውስጥ ያለው ብረት የመገጣጠሚያውን ስስ ሽፋን ያስቆጣዋል፤ የተቆጣው ሽፋን በቀላሉ መልሶ ይደማል፤ ውሎ አድሮም ጉልበቱ ይደርቃል።

እንዲህ ያበጠን ጉልበት ወጌሻ ሲያሸው መድማቱ ይብሳል። ልጁ ፋክተር እስኪያገኝ ቤተሰቡ ማድረግ ያለበት ይህን ነው፦ ማሳረፍ፣ በበረዶ ማቀዝቀዝ፣ አስፕሪን አለመስጠት።