ሃምሳ ብሯም ትሰረዝ



ከጀመዓችን እህቶች አንዷ ለታናሽ ወንድሟ የጻፈችውን ደብዳቤ ከመላኳ በፊት አሳየችን፤ ስሟን ሳንጠቅስ እንድንጽፍበትም ፈቀደችልን። ወንድሟ ተመርቆ ሥራ ይዟል። እጁ ላይ የሚደርሰው ደመወዝ በወር 9,000 ብር ነው። በቤቲንግ ምክንያት ግን ከጓደኞቹና ከሰፈር ሱቅ ያለበት እዳ 14,400 ብር ደርሷል። መጀመሪያ የጠረጠረችው ቅዳሜ ጠዋት እየደወለ «እስከ ሰኞ ብቻ» እያለ መበደር ሲያበዛ ነው።

ደብዳቤው ስድብም ልመናም የለበትም። «እዳህን እኔ አልከፍልልህም፤ እንዴት እንደምትከፍለው ግን አብሬህ እቆጥራለሁ» ትላለች። ለቤት ኪራይ 3,000፣ ለምግብ 3,000፣ ለትራንስፖርት 800፣ ለስልክ 200፣ ለእዳ 1,600 ብር መደበችለት። አበዳሪዎቹ ወለድ አይጠይቁምና ደመወዝ በገባ ቀን መጀመሪያ እዳው ከተከፈለ በ9 ወር ያልቃል።

ገደቦቿም ግልጽ ናቸው። ጥሬ ገንዘብ አትሰጠውም፤ ቢቸግረው አስቤዛ ትገዛለታለች። አሮጌውን እዳ ለመክፈል አዲስ አይበደርም። ከተጫወተ በዚያው ቀን ይነግራታል። እናታቸው ስትጠይቅም እሷ አትዋሽለትም።

«ለምን አትከፍልለትም?» የሚል ይኖራል። እኛ ግን ከእሷ ጋር ነን። እዳው በአንድ ቀን ከተዘጋለት በአበዳሪዎቹ ዘንድ ስሙ ይጸዳል፤ እንደገና መበደርም ይችላል። የተጫዋቹ ልማድ ግን እዚያው ነው።

ያልተስማማንበት አንድ ነገር ነበር። ከቀሪው 400 ብር ላይ «በአንዴ መተው ይከብደዋል» ብላ በሳምንት 50 ብር ለቤቲንግ ፈቅዳለት ነበር። እስቲ እናስላው። ዕድላቸው እኩል የሆነ ሁለት ውጤቶች ቢኖሩ ትክክለኛው ኦድ 2.00 ነው። አቋማሪው 1.90 ቢሰጥ ከ100 ብር በአማካይ የሚመለሰው 95 ብር ነው። እንዲህ ያሉ አምስት ጨዋታዎች በአንድ ትኬት ሲታሰሩ ቅናሹ በራሱ ላይ ይባዛና 77 ብር ገደማ ይሆናል፤ በአሥር ጨዋታ 60 ብር ገደማ ይወርዳል። ኦዱ ባጓጓ ቁጥር የአቋማሪው ድርሻ ያድጋል ማለት ነው።

ከሒሳቡም የሚብሰው ልማዱ ነው። 50 ብሯ ስትበላ «ያጣሁትን ላስመልስ» ይመጣል፤ ስትመታም ገንዘቡ እዳ ቤት ሳይደርስ ወደ ቀጣዩ ትኬት ይገባል። በዲናችንም ቁማር ትንሽ ስለሆነ አይፈቀድም። ስለዚህ ገደቡ ዜሮ መሆን አለበት አልናት።

እህታችን ትንሽ አሰበችና መስመሩን ሰረዘችው። 400 ብሩ በሙሉ ለድንገተኛ ወጪ ተያዘ፤ ደብዳቤውም ተላከ። በየቤታችን እንዲህ ያለ ወንድም ያለን እኛም ከመቆጣትና በስውር ከመክፈል ይልቅ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን አብረነው እንቀመጥ። አላህ ያግራለት፤ ለእኛም።